«አይ ሳው ዩር ብራዘር ሂር የስተርደይ»፦ ከስድስት ቃላት አምስቱ የሚለወጡበት የሪፖርትድ ስፒች ጥያቄ

ሐይቅ ዳር (ሀዋሳ)
ሰኞ፣ ምሽት 1፡50

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ታናሽ እህቴ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ በዚህ ዓመት ብሔራዊ ፈተና ስለምትወስድ ማታ ማታ እንግሊዝኛዋን አብሬያት አጠናለሁ። ትናንት ከክፍል ይዛው በመጣችው የመለማመጃ ወረቀት ላይ ቀጥተኛ ንግግርን ወደ ሪፖርትድ ስፒች የመለወጥ ዐሥር ጥያቄዎች ነበሩ፤ ስድስቱን ስታለች። ያስገረመኝ ግን መሳቷ ሳይሆን፣ የለውጡን ሠንጠረዥ ከላይ እስከ ታች በቃሏ እያወቀችው መሳቷ ነው። «ዊል» ወደ «ዉድ»፣ «ካን» ወደ «ኩድ»፣ «ቱዴይ» ወደ «ዛት ዴይ» እንደሚለወጡ ብትጠየቅ ሳታመነታ ትመልሳለች። ዐረፍተ ነገሩ ፊቷ ሲቀርብ ግን ይጠፋባታል።

ከሳተቻቸው አንዱን እነሆ። ጥያቄው «አይ ሳው ዩር ብራዘር ሂር የስተርደይ» ብላ ሃና ነገረችኝ የሚል ነው፤ ተራኪው «ሚ» ተብሏል። ምርጫዎቹም የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. ሃና ቶልድ ሚ ዛት አይ ሃድ ሲን ዩር ብራዘር ዜር ዘ ዴይ ቢፎር።
ለ. ሃና ቶልድ ሚ ዛት ሺ ሃድ ሲን ኸር ብራዘር ዜር ዘ ዴይ ቢፎር።
ሐ. ሃና ቶልድ ሚ ዛት ሺ ሃድ ሲን ማይ ብራዘር ዜር ዘ ዴይ ቢፎር።
መ. ሃና ቶልድ ሚ ዛት ሺ ሳው ማይ ብራዘር ሂር የስተርደይ።

እህቴ «ለ»ን መርጣለች። ምክንያቷን ስጠይቃት «ተናጋሪዋ ሃና ስለሆነች ሁሉም ነገር ወደ ሃና ይዞራል» አለችኝ። እኔ «ሐ» እንደሆነ ይሰማኛል፤ ለምን እንደሆነ በሚገባት መንገድ ማስረዳት ግን አልቻልኩም። «መ»ም ሙሉ በሙሉ ስሕተት ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። ይህን ጉዳይ የምታውቁ ሰዎች ብታግዙን ከልብ አመሰግናለሁ።

---

ታቦር ሥር
ሰኞ፣ ምሽት 2፡20

መልሱ «ሐ» ነው። ለተውላጠ ስም እኛ የተማርነው ደንብ አጭር ነው፦ አንደኛ መደብ ተናጋሪውን ይከተላል፣ ሁለተኛ መደብ አድማጩን ይከተላል፣ ሦስተኛ መደብ ባለበት ይቆያል። «አይ» አንደኛ መደብ ስለሆነ ወደ ሃና ይሄዳል፤ ስለዚህ «ሺ» ይሆናል። «ዩር» ሁለተኛ መደብ ስለሆነ ወደ አድማጩ ይሄዳል፤ አድማጩ ደግሞ «ሚ» ስለሆነ «ማይ» ይሆናል።

ስለ ጊዜውም ደንቡ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ግሥ ያለ ምንም ልዩነት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። «ሲ» ወደ «ሳው»፣ «ሳው» ወደ «ሃድ ሲን»፣ «ካን» ወደ «ኩድ»፣ «ኩድ» ደግሞ ወደ «ኩድ ሃቭ» ይለወጣል። አስተዋዋቂው ግሥ «ሴይስ» ቢሆንም «ሴድ» ቢሆንም ለውጡ ያው ነው። እህትህ ይህን አንድ ደንብ ብቻ ይዛ ብትገባ ይበቃታል።

---

የልጄ እናት
ሰኞ፣ ምሽት 2፡45

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የእኔም ልጅ 8ኛ ክፍል ነው፤ በአማርኛ ትምህርቱ «ቀጥተኛ ንግግርን ወደ ኢቀጥተኛ ንግግር ለውጡ» የሚል ጥያቄ ተሰጥቶት «ሃና ትናንት ወንድምህን እዚህ አየሁት አለችኝ» ብሎ ስለጻፈ ተሠርዞበታል። እኛ ቤት ውስጥ ሁላችንም እንዲሁ ነው የምንናገረው። «አየሁት አለችኝ» ማለት በአማርኛ ስሕተት ነው እንዴ? መምህሩ ምን ብሎ እንዲጽፍ እንደፈለገ ልጁም እኔም አልገባንም።

---

መምህርት ከሀዋሳ
ሰኞ፣ ምሽት 3፡30

እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆኖኛል፤ በዚህ ርእስ ያላየሁት ስሕተት ያለ አይመስለኝም። እህቴ «የልጄ እናት»፣ ውይይቱ የተከፈተው ስለ እንግሊዝኛ ቢሆንም የእርስዎ ጥያቄ የችግሩን ሥር ስለነካው ከእርስዎ ልጀምር።

በአማርኛ «አየሁት አለችኝ» ማለት ፈጽሞ ስሕተት አይደለም። አማርኛ የሰውን ቃል እንዳለ ይዞ ከኋላው «አለ» ወይም «አለች» የሚለውን ማሰሪያ ብቻ የማስከተል ልማድ አለው፤ በንግግር ውስጥ በጣም የተለመደው መንገድም እርሱ ነው። ችግሩ ይህ አነጋገር አሁንም ቀጥተኛ ንግግር መሆኑ ነው። «አየሁት» ባዩዋ ሃና ናት፤ ልጅዎ ቃሏን አልለወጠውም፣ ትእምርተ ጥቅሱን ብቻ ነው ያነሣው። መምህሩ የፈለገው «ሃና ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ወንድሜን እዚያ እንዳየችው ነገረችኝ» የሚለውን ነው። «እንደ» ግሡ ላይ ሲገባ ግሡ ራሱ በግድ ይለወጣል፤ «እንዳየሁት ነገረችኝ» ቢል ያየው እርሱ ራሱ ይሆናልና ሰሚው ወዲያውኑ ግር ይለዋል።

የሐይቅ ዳር እህትም ሆነች እኔ የማስተምራቸው ልጆች ወደ እንግሊዝኛው ይዘውት የሚገቡት ይህን የ«አለች» ልማድ ነው። ተማሪው በራሱ ውስጥ «አየሁት አለችኝ» ብሎ ካሰበ «ሃና ቶልድ ሚ ዛት አይ ሳው» ብሎ ይጽፋል፤ ምርጫ «ሀ» የተዘጋጀው ለእርሱ ነው። «ለ» ደግሞ ይህን ፈርቶ ከመጠን በላይ ለሚለውጥ ተማሪ የተዘጋጀ ወጥመድ ነው። ስለዚህ ለተማሪዎቼ ሠንጠረዡን ከማውጣታቸው በፊት ዐረፍተ ነገሩን በአማርኛ «እንደ» አስገብተው በቃላቸው እንዲሉት እነግራቸዋለሁ። «ወንድሜን እንዳየችው ነገረችኝ» ያለ ልጅ «እንዳየችው» ውስጥ «ሺ»ን፣ «ወንድሜን» ውስጥ ደግሞ «ማይ»ን አግኝቷቸዋል። አማርኛ ባለቤቱን በግሡ ላይ ስለሚያትመው ተውላጠ ስሙን መሳት ይከብዳል። ሐይቅ ዳር፣ እህትዎን ዛሬ ማታ ይህን ብቻ ያስሞክሯት።

ስለ ጊዜ ቃላቱ ደግሞ በሰሌዳ ላይ የምሠራውን ልጻፍላችሁ። ሃና የተናገረችው ማክሰኞ፣ ሀዋሳ ፒያሳ ላይ ነው እንበል፤ ወንድምየውን ያየችው በዋዜማው ሰኞ እዚያው ነው። ተራኪዋ ይህን ለሌላ ሰው የምታወራው ደግሞ ዓርብ ዕለት አዳማ ሆና ነው። አሁን ዓርብ አዳማ ላይ ሆና «የስተርደይ» ብትል ሰሚዋ ሐሙስን ይረዳል፤ «ሂር» ብትል አዳማን ይረዳል። ሁለቱም ሐሰት ይሆናሉ። «ዘ ዴይ ቢፎር» የተባለው ቀኑ የሚቆጠረው ከንግግሩ ቀን፣ ማለትም ከማክሰኞ ስለሆነ ነው፤ «ዜር» የተባለው ደግሞ ተራኪዋ ከቦታው ስለራቀች ነው። «ብራዘር» ብቻ ያልተለወጠው ወንድምየው ከየትም ሆነው ቢጠሩት ያው ወንድም ስለሆነ ነው። ይህን ሥዕል የሳለ ተማሪ «ቱሞሮው» ለምን «ዘ ኔክስት ዴይ» ወይም «ዘ ፎሎዊንግ ዴይ» እንደሚሆን አይጠይቅም፤ በአማርኛም «ነገ» ያልነው «በማግስቱ» ሲሆን ዘወትር እንሰማዋለንና።

ግሡም ከዚሁ ሥዕል ይወጣል። መናገሯ በማክሰኞ ያለፈ ነው፤ ማየቷ ግን ከዚያ ያለፈው በፊት፣ በሰኞ ያለፈ ነው። እንግሊዝኛ ካለፈው በፊት ያለፈውን «ሃድ ሲን» በሚለው ፓስት ፐርፌክት ይለየዋል።

ታቦር ሥር፣ የመደብ ደንብዎ ትክክል ነው፤ ፈጣንም ነው። ስለ ጊዜው የጻፉት ግን ተማሪን ያሳስታል። አስተዋዋቂው ግሥ «ሴይስ» ከሆነ ግሡ አይለወጥም፤ «ሺ ሴይስ ዛት ሺ ኢዝ ሲክ» ማለት ትክክል ነው፤ ተውላጠ ስሙ ብቻ ይዞራል። «ኩድ»፣ «ዉድ»፣ «ሹድ» እና «ማይት» ደግሞ በተለመደው የፈተና ጥያቄ ውስጥ ባሉበት ይቆያሉ። «አይ ኩድ ስዊም ኤት ሲክስ» የሚለውን «ኩድ ሃቭ ስዎም» ብለው ከለወጡት ትርጉሙ መዋኘት ይችል ነበር ግን አልዋኘም ወደሚለው ያዘነብላል፤ ተናጋሪው ግን እንዲያ አላለም። ቀድሞውኑ «ሃድ ሲን» የሆነ ግሥም ከዚያ ወዲያ የሚመለስበት እርምጃ የለውም።

---

ታቦር ሥር
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡10

መምህርት፣ አመሰግናለሁ። «ሴይስ»ን በተመለከተ ተሳስቻለሁ፤ ያጠናሁበትን የድሮ ደብተር አውጥቼ ሳየው ራሱ ልዩ ሁኔታ ብሎ ጽፎታል። አንድ ነገር ግን አሁንም አልተቀበልኩም። «ማስት» ወደ «ሃድ ቱ» እንደሚለወጥ ነው የተማርኩት፤ እርስዎ ከማይለወጡት ውስጥም ከሚለወጡት ውስጥም አልጠቀሱትም። በፈተና «ማስት» እንዳለ ከቀረበስ?

---

መምህርት ከሀዋሳ
ማክሰኞ፣ ቀትር 6፡40

ሆን ብዬ ነው የዘለልኩት፤ ምክንያቱም ለብቻው መታየት አለበት። «ማስት» ግዴታን ሲገልጽ «ሃድ ቱ» ይሆናል፤ «ማስት» ብሎ መተውም በእንግሊዝኛ ተቀባይነት አለው። «ዩ ማስት ቢ ታየርድ» እንደሚለው መገመትን ሲገልጽ ግን «ሃድ ቱ» ካደረጉት ዐረፍተ ነገሩ «መድከም ነበረብህ» የሚል ግዴታ መስሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ እንዳለ ይቀመጣል። ተማሪው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ይህ «ማስት» ማዘዝ ነው ወይስ መገመት የሚለውን ነው።

---

ከአዳማ
ማክሰኞ፣ ምሽት 12፡55

ውይይቱን ከመጀመሪያው ተከታትዬዋለሁ። እኔ መምህር አይደለሁም፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የእንግሊዝኛ ደብዳቤና ሪፖርት እጽፋለሁ። የጊዜ ቃላት ጉዳይ ፈተና ላይ ብቻ የሚያስቸግር የሚመስለው ካለ የደረሰብኝን ልንገረው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ እንግዳ ማክሰኞ ስልክ ደውሎ «ነገ እመጣለሁ» አለኝ። እኔ ረቡዕ ጠዋት ለመኪና ስምሪት ክፍሉ በእንግሊዝኛ «ሂ ሴድ ሂ ዊል ከም ቱሞሮው» ብዬ መልእክት ላክሁ። በራሴ ውስጥ የነበረው «ነገ እመጣለሁ አለ» የሚለው አማርኛ ነው፤ ቃል በቃል ነው ያሰፈርኩት። መልእክቱን ረቡዕ ያነበበው የሥራ ባልደረባዬ «ቱሞሮው»ን ሐሙስ አድርጎ ተረዳው፤ መኪናውም ሐሙስ መናኸሪያ ሄዶ ቆመ። እንግዳው ግን ረቡዕ ደርሶ ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቆ በባጃጅ ሄዶ ነበር። ማክሰኞ የተባለ «ነገ» ረቡዕ ሲወራ «ዛሬ» መሆኑን በዚያ ቀን በደንብ ተማርኩት። ትክክለኛው መልእክት «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ከም ቱዴይ» ነበር።

ጥያቄዬ ግን ከዚሁ ይነሣል። መምህርት «ቱሞሮው» «ዘ ኔክስት ዴይ» ይሆናል ብለዋል፤ በእኔ ጉዳይ ግን «ቱዴይ» ነው የሆነው። በዚያው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ደግሞ «ቱሞሮው» ሳይለወጥ ትክክል ይሆን ነበር። ታዲያ ደንቡ ደንብ ነው ይባላል? ሁለተኛም፣ በማነባቸው የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ላይ «ሴድ» ከሚለው በኋላ «ሳው» ወይም «ዌንት» ሳይለወጥ በብዛት አያለሁ። የሐይቅ ዳር እህት «መ»ን መርጣ ብትሆን ኖሮ ፈጽሞ ተሳስታለች እንል ነበር?

---

መምህርት ከሀዋሳ
ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡15

ወንድሜ፣ የደረሰብዎን ነገር ክፍል ውስጥ እንዳወራው ይፍቀዱልኝ፤ ከእኔ ማክሰኞና ዓርብ ይልቅ ለልጆች የሚቀርበው ያ መናኸሪያ ላይ የቆመው መኪና ነው።

ትክክል ብለዋል። «ቱሞሮው»ን «ዘ ኔክስት ዴይ» የሚያደርገው ተራኪው መቼ እንደሚናገር አለመታወቁ ነው። ከዚያው ቀን ሳይወጡ ከተናገሩ «ቱሞሮው» ይቆያል፤ ከዚያው ቦታ ሳይርቁ ከተናገሩ «ሂር» ይቆያል። የፈተና ዐረፍተ ነገር ግን መቼና የት እንደሚዘገብ አይነግረንም፤ ስለዚህ ጥያቄ አውጪዎች ተራኪው ከቀኑም ከቦታውም ርቋል ብለው ያስባሉ፤ ተማሪውም እንደዚያው ማሰብ አለበት። ዐረፍተ ነገሩ ራሱ «ዛሬ ጠዋት ነገረችኝ» የሚል ምልክት ከሰጠ ግን ምልክቱን ማክበር ይገባል።

ስለ «ሳው» የጠየቁትም እውነት ነው፤ የድርጊቱ ቅደም ተከተል ግልጽ ከሆነ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ፓስት ሲምፕሉን ብዙ ጊዜ እንዳለ ይተዉታል። «ሃና ቶልድ ሚ ዛት ሺ ሳው ማይ ብራዘር ዜር ዘ ዴይ ቢፎር» ቢባል ስሕተት ነው ብዬ አልከራከርም። «መ»ን የሚጥለው «ሳው» ሳይሆን «ሂር የስተርደይ» ነው። ለዚህ ነው ተማሪዎቼን በምርጫ ጥያቄ ላይ ከግሡ በፊት የጊዜና የቦታ ቃላቱን እንዲያዩ የምመክራቸው፤ ግሡ ሊያከራክር በሚችልበት ቦታ እነርሱ ምርጫውን ቀድመው ይለዩታል። ባዶ ወረቀት ላይ በራሳቸው ሲጽፉ ግን «ሃድ ሲን»ን እንዲጽፉ እመክራለሁ፤ አራሚው ከሠንጠረዡ ውጭ ላይቀበላቸው ይችላልና።

አሁን ደግሞ ስለ አማርኛው «እንደ» ትናንት ያልጨረስኩትን ልጨምር፤ ምክንያቱም ያ መንገድ የሚያግዘው እስከ አንድ ቦታ ድረስ ብቻ ነው። ባለፈ ነገር ላይ አማርኛውና እንግሊዝኛው በጣም ይስማማሉ። «አየሁት» ብትል «አይቼዋለሁ» ብትል ሁለቱም «እንዳየችው» ይሆናሉ፤ በእንግሊዝኛም «ሳው» እና «ሃቭ ሲን» ሁለቱም «ሃድ ሲን» ላይ ይገናኛሉ። ገና ባልተፈጸመ ነገር ላይ ግን አማርኛው ይከዳናል። «እመጣለሁ» የሚለው «እንደሚመጣ» ይሆናል፤ ይህ «እንደሚመጣ» ከ«ይናገራል» ጋርም ከ«ተናገረ» ጋርም ሳይለወጥ ይሄዳል። «እንደሚመጣ ተናገረ» ያለ ተማሪ በጆሮው ምንም ያለፈ ነገር ስለማይሰማ «ሂ ሴድ ዛት ሂ ዊል ከም» ብሎ ይጽፋል። እንግሊዝኛ ግን «ሴድ» ካለ በኋላ «ዉድ ከም» ይጠብቃል። «እየተማርኩ ነው» የሚለውም «እየተማረች መሆኑን ነገረችኝ» ሲሆን «መሆኑን» ስለ ጊዜ ምንም አይልም፤ እንግሊዝኛው ግን «ዎዝ ስተዲይንግ» ይላል።

ከዚህ በላይ ደግሞ «እመጣለሁ» ሁለት የእንግሊዝኛ ጊዜዎችን በአንድ ይይዛል። «አይ ከም ሂር ኤቭሪ ሰንዴይ» እና «አይ ዊል ከም ሂር ኦን ሰንዴይ» ወደ አማርኛ ሲመለሱ ሁለቱም «እመጣለሁ» ናቸው፤ በሪፖርትድ ስፒች ግን የመጀመሪያው «ኬም»፣ ሁለተኛው «ዉድ ከም» ይሆናሉ። ስለዚህ ተውላጠ ስሙን ከአማርኛው ያውጡ፤ ግሡን ግን ሁልጊዜ ከእንግሊዝኛው ጥቅስ ላይ ያንብቡ። ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ትርጉም ለመጨረስ የሚሞክር ተማሪ ሁለተኛው ላይ ይወድቃል።

---

የልጄ እናት
ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡05

መምህርት እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ «እንዳየችው» ብሎ ጽፎ ዛሬ ይዞት ሄዷል። «በዋዜማው» ብሎ ነው የጻፈው፤ «ከዚያ በፊት በነበረው ቀን» ረዘመብኝ አለ። ተገቢ ነው ብዬ ተውኩት።

---

ሐይቅ ዳር (ሀዋሳ)
ረቡዕ፣ ምሽት 2፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ መጀመሪያ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በአማርኛ «እንደ» አስገብታ እንድትናገር፣ ከዚያ የእንግሊዝኛውን ግሥ ከጥቅሱ ላይ በጣቷ እያሳየች እንድትለውጥ አደረግሁ። የሳተቻቸውን ስድስት ጥያቄዎች ደግማ ሠርታ አራቱን አስተካክላለች። የቀሩትን ሁለቱን ላስፍራቸው።

የመጀመሪያው «ዌር ዲድ ዩ ጎ ላስት ናይት?» ብላ እናቴ ጠየቀችኝ የሚል ነው። እህቴ «ማይ ማዘር አስክድ ሚ ዌር ዲድ አይ ጎ ዘ ፕሪቪየስ ናይት?» ብላ ጽፋለች። ተውላጠ ስሙም የጊዜ ቃሉም ትክክል ይመስለኛል፤ ሆኖም ተሠርዟል።

ሁለተኛው ደግሞ «ሌክ ሀዋሳ ላይዝ ኢን ዘ ሪፍት ቫሊ» ሲል መምህሩ ተናገረ የሚል ነው። እርሷ «ሌይ» ብላ ለውጣዋለች፤ የመልስ ወረቀቱ ግን «ላይዝ» ይላል። ደንቡን ጠብቃ ሳለች ለምን እንደተሳሳተች ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ።

---

መምህርት ከሀዋሳ
ረቡዕ፣ ምሽት 4፡00

ሁለተኛው ይቀላል። ሐይቁ መምህሩ ሲናገርም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነው። አሁንም እውነት የሆነ ነገር ሲዘገብ ግሡን በአሁን ጊዜ መተው ይቻላል። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን «ይቻላል» ማለቴን ነው፤ «ሌይ» ማለትም በሰዋስው በኩል ትክክል ነው። አብዛኛው የፈተና መልስ «ላይዝ»ን ስለሚመርጥ እርሱን ትያዝ፤ ተሳስተሻል ግን አይበሏት።

የመጀመሪያው እውነተኛ ስሕተት ነው። ጥያቄ ሲዘገብ ጥያቄነቱን ያጣል፤ እናትዎ ጠየቁ እንጂ እርስዎ አሁን ማንንም እየጠየቁ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄ ለመሥራት ብቻ የገባው «ዲድ» ይወጣል፣ ባለቤቱ ከግሡ ፊት ይቀመጣል፣ የጥያቄ ምልክቱም በነጥብ ይተካል፦ «ማይ ማዘር አስክድ ሚ ዌር አይ ሃድ ጎን ዘ ፕሪቪየስ ናይት።» «ዲድ» ሲወጣ የያዘው ያለፈ ጊዜ አብሮ እንዳይጠፋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ብዙ ልጆች «ዲድ»ን ያወጡና «ዌር አይ ጎ» ብለው ይተዉታል፤ «ዲድ ጎ» ማለት «ዌንት» መሆኑን፣ «ዌንት» ደግሞ ወደ «ሃድ ጎን» እንደሚሄድ በሁለት እርምጃ ቢጽፉት አይሳሳቱም። አማርኛው እዚህም ያግዛል፤ «የት እንደሄድኩ ጠየቀችኝ» ስንል ማንም ሰው መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አያደርግም።

---

ከአዳማ
ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡20

የመጨረሻ ጥያቄ ልጨምር፤ ትናንት ሪፖርት ስጽፍ ገጠመኝ። አንድ ሰው «ዊ ሙቭድ ቱ ሀዋሳ ኢን 2010» ብሎኛል። 2010 ከየትም ሆኜ ብቆጥረው ያው 2010 ስለሆነ እንደማይለወጥ ገብቶኛል። ግሡ ግን «ሃድ ሙቭድ» ይሁን ወይስ «ሙቭድ» ይቆይ? ዓመቱ ራሱ ቅደም ተከተሉን ስለነገረን «ሃድ» ትርፍ ይመስለኛል።

---

ታቦር ሥር
ሐሙስ፣ ቀትር 6፡15

እኔ «ሃድ ሙቭድ» እላለሁ። ፈተና ላይ «ሴድ» ካየሁ በኋላ ፓስት ሲምፕልን እንዳለ ለመተው እጄ አይታዘዝልኝም።

---

መምህርት ከሀዋሳ
ሐሙስ፣ ምሽት 1፡45

በሪፖርትዎ ላይ «ሙቭድ» ቢሉ እኔም አልሠርዝብዎትም፤ ዓመቱ ሥራውን ሠርቷል። በፈተና ላይ ግን ነገሩ በጥያቄ አውጪው እጅ ነው። ሁለቱም ምርጫዎች በአንድ ጥያቄ ውስጥ ጎን ለጎን ከቀረቡ ጥያቄው ራሱ ጉድለት አለበት ብዬ አምናለሁ። በእኛ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ግን በዚህ ላይ አልተስማማንም፤ ባልደረባዬ ልክ እንደ ታቦር ሥር «ሃድ ሙቭድ»ን ብቻ ነው የሚቀበለው። ሐይቅ ዳር፣ የእህትዎ ወረቀት ላይ ዓመተ ምሕረት ያለው ጥያቄ ካለ ይላኩልኝ፤ ዓርብ በክፍሉ ስብሰባ ላይ ይዤው እገባለሁ።